የ850 ብር ሳምንት፦ ደሴ ላይ ክብደት ማንሳት ለጀመረ ሰው የምግብ፣ የክሪያቲንና የእንቅልፍ መዝገብ

መነሻ

ሠልጣኙ 60 ኪሎ ነው፤ ጂም ገብቶ አያውቅም፤ ደሴ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። እንጀራውና ወጡ ከቤት ነው። ከዚያ ውጭ ለምግብና ለክሪያቲን በሳምንት 850 ብር አለው። ክሪያቲን ጡንቻ ለአጭር ከባድ ሥራ ኃይል እንዲያገኝ የሚረዳ ዱቄት ነው። የጂም ክፍያ እዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገባም። ከታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት የተያዙ ናቸው፤ ገበያው ሲለወጥ ቁጥሩን ቀይሮ ማስላት ነው። ስሌቱ ራሱ አይለወጥም።

መጀመሪያ ጉድለቱን መለካት ይቀድማል። ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን በቂ ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 96 ግራም ይሆናል። የቤቱ ማዕድ ምን ያህሉን ይሸፍናል? ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት የወጣ እንጀራ 10 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ በቀን ሦስት ቢበላ 30። ምሳና እራት ላይ ያለው ሽሮ ወይም ምስር በደረቁ 100 ግራም ቢሞላ 22 ግራም ይጨምራል። የጠዋቱ ዳቦ ሌላ 6። ድምሩ 58 ነው፤ የጎደለው 38 ግራም። ብዙ ጀማሪ «ፕሮቲን አላገኝም» ብሎ የዱቄት ጣሳ ሊገዛ ይሮጣል፤ ከግማሽ በላዩ ግን ድሮም ገበታው ላይ አለ።

ቅዳሜ፣ ግብይት

የምግብን ርካሽነት በኪሎ ዋጋ መመዘን ያሳስታል። መመዘን ያለበት 20 ግራም ፕሮቲን ስንት ብር ያወጣል በሚለው ነው። ባቄላ በኪሎ 130 ብር ከሆነ፣ 100 ግራሙ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው 20 ግራም ፕሮቲን በ10 ብር ይገኛል። ሽምብራ በዚያው ዋጋ 13 ብር ግድም፣ ምስር በ200 ብር ሂሳብ 17 ብር። ወተት ሊትሩ 100 ብር ሲሆን 62 ብር ይመጣል። እንቁላል አንዱ በ18 ብር ሲታሰብ 72 ብር ነው፤ የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ በ5 ግራም ፕሮቲን ነው የተያዘው። የፈረንጁ ትልቁ 6 እና ከዚያ በላይ ስላለው፣ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እሱን መግዛት ያዋጣል። አጥንት የሌለው የበሬ ሥጋ በኪሎ 1000 ብር ከሆነ ወደ 95 ብር ይደርሳል።

እንግዲህ ለምን ሁሉም ባቄላ አይሆንም? ሁለት ምክንያት አለ። በአንድ ቀን 150 ግራም ደረቅ ባቄላ የበላ ጀማሪ ሆዱ ተነፍቶ ስኳት ላይ፣ ብረት ትከሻው ላይ ይዞ ቁጢጥ ሲል፣ መጎንበስ ያቅተዋል። ደግሞም የጥራጥሬ ፕሮቲን ሜቲዮኒን የሚባለው ክፍሉ አነስተኛ ነው። እንጀራው ጉድለቱን በደንብ ይሞላዋል፤ ጥቂት እንቁላልና ወተት ሲታከልበት ደግሞ ጭራሽ አያሳስብም።

የሳምንቱ ግዢ እንዲህ ወጣ። በቀን 80 ግራም ባቄላ 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ በሳምንት 560 ግራም፣ 73 ብር። በቀን ሁለት እንቁላል 10 ግራም፤ ለሳምንት 14 እንቁላል፣ 252 ብር። በቀን ሩብ ሊትር ወተት 8 ግራም፤ ለሳምንት 1.75 ሊትር፣ 175 ብር። ጉድለቱ 38 ግራም በ500 ብር ተሸፈነ።

የቀረው 350 ብር ነው። ከሱ 315ቱ ለክሪያቲን ተለይቶ ተቀመጠ፤ ለምን በትክክል 315 እንደሆነ ወደኋላ ይመጣል። 35ቱ ለጨውና ለከሰል።

ስለ ጓያ አንድ ነገር

ገበያ ላይ ከሁሉም የሚረክሰው ጓያ ነው፤ ፕሮቲኑም ከባቄላ አያንስም። በስሌቱ ብቻ ከታየ አንደኛ ይወጣል። ከዝርዝሩ የወጣው በውስጡ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ስላለ ነው። ለጥቂት ወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ አንዴ የመጣው ሽባነትም አይመለስም። የወሎ ሰው ይህን ከድርቅ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። መዘፍዘፍና መቁላት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በየቀኑ ጥራጥሬ ለመጨመር የተነሳ ሰው ከማንም በላይ መጠንቀቅ አለበት። የጓያ ፍሬ ጠርዛማ ነው፤ እንደ ጥርስ ወይም እንደ ትንሽ መጥረቢያ ወደ አንድ ጎን ይሾላል፤ በፍሬነቱ ይለያል። ሽሮ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ግን በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ የተፈጨ ርካሽ ሽሮ ከመግዛት አተሩንና ሽምብራውን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ይሻላል።

እሑድ፣ ንፍሮ

ደሴ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የሚበስለው ባቄላ እዚህ ረዘም ይላል፤ ከሰሉም በዚያው ልክ ይነዳል። መፍትሔው ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ጠዋት ቆዳው ተወጥሮ ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት የሚሰጥ ከሆነ ውኃ ጠጥቷል ማለት ነው። መዘፍዘፊያው ውኃ ይደፋል፤ ሆድ ከሚነፋው ነገር ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። በአዲስ ውኃ ይጣዳል፤ ጨው የሚገባው ፍሬው ከለሰለሰ በኋላ ነው። የግፊት ድስት ያለው ሰው ጊዜውንም ማገዶውንም በብዙ ይቀንሳል።

ፍሪጅ በሌለበት ቤት በአንድ ጊዜ የሁለት ቀን ድርሻ ብቻ ይቀቀላል፤ 160 ግራም ደረቅ። ሲበስል ውኃ ስለሚጠጣ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ የበሰለውን 80 ግራም መዝኖ «የዛሬውን በላሁ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። የሚሻለው ድስቱን በሙሉ ለሁለት እኩል መክፈል ነው። ፍሬው ሲነካ የሚያሟልጭና ክር የሚስብ ከሆነ ወይም ከጎመዘዘ ይደፋል። 10 ብር ለማትረፍ ሦስት ቀን በተቅማጥ መተኛት ኪሳራ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ልምምድ

ሦስት ቀን ለጀማሪ ይበቃል። ማክሰኞና ቅዳሜ ስኳት፣ በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት የሆነው ቤንች ፕሬስና ጎንበስ ብሎ ብረት ወደ ሆድ መሳብ የሆነው ሮው፤ ሐሙስ ብረት ከመሬት ማንሳት የሆነው ዴድሊፍት፣ ብረት ከትከሻ በላይ መግፋትና ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ የሆነው ፑል አፕ። እያንዳንዱ ሦስት ሴት፣ ማለትም ሦስት ዙር፣ በሴት 8 ድግግሞሽ። ፑል አፕ አንድም የማይወጣለት ሰው በወንበር ተደግፎ ላይ ይወጣና ቀስ እያለ፣ አምስት እየቆጠረ ይወርዳል። ሴቱ ሲያልቅ ሁለት ተጨማሪ ድግግሞሽ የሚችል ያህል ኃይል መቅረት አለበት። የመጀመሪያው ሳምንት ስኳት በባዶው ብረት፣ በ20 ኪሎ ተያዘ።

እዚህ ላይ ቶሎ የሚገጥመው ችግር የክብደት ጭማሪ ነው። ብዙ ጂም ውስጥ ትንሹ ሳህን 2.5 ኪሎ ነው፤ በሁለቱም በኩል ሲገባ ጭማሪው 5 ኪሎ ይሆናል። 30 ኪሎ ቤንች ለሚገፋ ሰው ይህ የአንድ ስድስተኛ ዝላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይጥለዋል። ስለዚህ ክብደት ከመጨመር በፊት ድግግሞሽ ይጨመራል። ሦስቱም ሴት 10 ሲደርስ 5 ኪሎ ይጨመርና ወደ 8 ይወረዳል። በዚህ መንገድ በአምስተኛው ሳምንት ስኳቱ 30 ኪሎ ደረሰ። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ግን አልቆመም።

በሲሚንቶ ጣሳ የተሠራ ክብደት የሚጠቀም ሰው ሁለቱን ጫፎች በእህል ሚዛን ለየብቻ ይመዝን። አንዱ ጎን በ1 ኪሎ ቢከብድ በስኳት ላይ ወገብ ይጣመማል፤ ሰውየው ግን «ግራ እግሬ ደካማ ነው» ብሎ ያስባል።

ሁለተኛ ሳምንት መጨረሻ፣ ሚዛኑ አልተንቀሳቀሰም

ሠልጣኙ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ በሳምንት ሦስት ቀን ይመዘንና አማካዩ ይያዛል። የመጀመሪያው ሳምንት 60.0፣ ሁለተኛውም 60.0። የተጠበቀው በሳምንት ሩብ ኪሎ ያህል ነበር። ግዢው ሳይጎድል ክብደቱ ለምን ቆመ?

ምክንያቱ ንፍሮው የሚበላበት ሰዓት ነው። 12 ሰዓት ላይ፣ እራት ሊቀርብ ሲል ይበላው ነበር። ንፍሮ ያጠግባል፤ የእራቱ እንጀራ በግማሽ ቀረ። የገባው ፕሮቲን ጨመረ፤ አጠቃላይ ምግቡ ግን ባለበት ሆነ። ንፍሮው ወደ 9 ሰዓት ተዛወረ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ተጨመረበት። የዘይቷ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ግድም ናት። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አማካዩ 60.2፣ ከዚያ 60.5 ሆነ።

ጫት የሚቅም ሠልጣኝ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብበው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላ ሲቃም ደግሞ ንፍሮውንም እራቱንም እንቅልፉንም አንድ ላይ ይወስዳል። ያንን በክሪያቲን ማካካስ አይቻልም።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ስኳቱ ወረደ

ማክሰኞ 25 ኪሎ በ9፣ 9፣ 9 ነበር። ቅዳሜ በዚያው ክብደት 9፣ 7፣ 6 ሆነ። መዝገቡ ላይ የምግብ ረድፍ ሙሉ ነው፤ ጉልበትም ወገብም አላመመም። የእንቅልፍ ረድፉ ግን ሐሙስና ዓርብ ሌሊት አምስት አምስት ሰዓት ይላል። ዕለቱ የቡና ነበር፤ ሦስተኛው ስኒ የተጠጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ካፌይን ከሰውነት ውስጥ ግማሹ እንኳ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ 4 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው አብዛኛው ገና ደሙ ውስጥ ነው።

መለያው ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ሴት እንደወትሮው ሆኖ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከወደቁ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ ይጠርጠር። ከመጀመሪያው ሴት ጀምሮ ከከበደ ግን ክብደቱ ቶሎ ተጨምሯል ወይም ሰውየው ታሟል። ስለዚህ ክብደቱ አልተነካም። ቡናው እስከ 8 ሰዓት ባለው ተገደበ፤ ማታ ቤት ውስጥ ሲፈላ ለጨዋታው ያህል ቀጭን ሻይ ወይም ፈንድሻውን። መኝታ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ መነሻ ንጋት 12 ሰዓት። በሚቀጥለው ማክሰኞ 10፣ 9፣ 9 ተመዘገበ።

የደሴ ሌሊት ብርድ እንቅልፍ ይሰብራል። ውፍረት ያለው ብርድ ልብስ ከማንኛውም ጣሳ በፊት የሚመጣ ግዢ ነው፤ ከሳምንቱ ሂሳብ ግን አልተቆጠረም።

አምስተኛ ሳምንት መጨረሻ፣ የክሪያቲኑ ጣሳ

አሁን ወደ 315 ብሩ። 300 ግራም የክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ጣሳ 4500 ብር ተብሎ ከተያዘ አንድ ግራም 15 ብር ነው። በቀን 3 ግራም 45 ብር፣ በሳምንት 315። ከጠቅላላው ሂሳብ ትልቁ ወጪ ይህ ነው፤ ከእንቁላሉም ይበልጣል። መጨረሻ የተገዛውም ለዚህ ነው። ምግቡ፣ ብረቱና እንቅልፉ ሳይስተካከሉ የገባ ክሪያቲን የትኛው እንደሠራ አይታወቅም፤ ሰውየውም ጣሳው ሲያልቅ ልምምዱን ይተዋል።

ለአንድ ሰው 4500 በአንድ ጊዜ ማውጣት ከባድ ስለሆነ ሦስት ሠልጣኞች እንደ ዕቁብ ተጋሩት፤ ለእያንዳንዱ 1500 ብርና 100 ግራም። በአምስት ሳምንት የተጠራቀመው 1575 ነበር። 100 ግራም ለ33 ቀን ይበቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀጣዩ 1500 ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚመክረው በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 20 ግራም መውሰድ ነው። ለስድስት ቀን 120 ግራም ይሆናል፤ 1800 ብር። ሥራው ጡንቻን ቶሎ መሙላት ብቻ ነው፤ በቀን 3 ግራም በአራት ሳምንት ግድም እዚያው ይደርሳል። በዚህ በጀት አያዋጣም። ሆድም ይረብሻል።

ሲገዛ የሚታየው፦ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑ፣ የምርት መለያ ቁጥርና ማብቂያ ቀን መኖሩ፣ ይዘቱ ላይ ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ብቻ መጻፉ። ጣዕም ያልተጨመረበት ክሪያቲን ምንም ያህል አይጣፍጥም፤ ምላስ ላይ ደቃቅ አሸዋ ይመስላል። ከጣፈጠ ስኳር ወይም ግሉኮስ ተቀላቅሏል። ዱቄት መቀላቀሉን ለማወቅ ትንሽ ቆንጥሮ በውኃ በጥብጦ አንድ ጠብታ ቲንክቸር አዮዲን ማድረግ ነው፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለበት። የተፈተነው ይደፋል፤ አይጠጣም።

ለመከፋፈል የኩሽና ሚዛን 3 ግራምን በትክክል አያነብም። ወርቅ ቤት ያለው ሚዛን ያነባል። አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ተደርጎ አሥር ጊዜ ተሰፍሮ አንድ ላይ ይመዘናል፤ ለአሥር ሲካፈል የዚያ ማንኪያ ልክ ይታወቃል። 38 ግራም ቢመጣ ማንኪያው 3.8 ይይዛል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጎደል አድርጎ መስፈር ነው። ድርሻው በደረቅ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይቀመጣል። እርጥብ ማንኪያ ከገባበት ይጓጉላል፤ የጓጎለው አልተበላሸም፣ ግን ስፍሩ ይዛባል።

ክሪያቲን በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ አይሟሟም፤ በደሴ ጠዋት ግማሹ ብርጭቆው ሥር ይቀራል። ለብ ባለ ሻይ ይሟሟል። በጥብጦ ለነገ ማሳደር አይገባም፤ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ወደማይጠቅም ነገር ይለወጣል። ሰዓቱ ለውጥ የለውም፤ ዕረፍት ቀንም አይዘለልም። ከቁርስ ሻይ ጋር የተያዘው እንዳይረሳ ብቻ ነው።

ኩላሊት ያመመው፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርና ከ18 ዓመት በታች ያለ ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ጤነኛው ደግሞ የደም ምርመራ ሲያደርግ ክሪያቲን እንደሚወስድ ይንገር፤ ምርመራው ላይ የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሪያቲኒን ከፍ ብሎ ሊታይና ኩላሊቱ የታመመ ሊመስል ይችላል።

የጾም ሳምንት

ከሦስቱ ተጋሪዎች አንዱ ጾመኛ ነው፤ እንቁላልና ወተት የለም። 427 ብር ከግዢው ወጣ፤ 18 ግራም ፕሮቲንም አብሮ። በምትኩ በቀን 120 ግራም የሽምብራ ቆሎ ገባ፤ 100ው ይበቃ ነበር፣ 20ው የጥራጥሬ ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ የተጨመረ ነው። በሳምንት 109 ብር ያወጣል። ትርፉ 318 ብር፤ የሳምንቱን ክሪያቲን ይከፍላል። ክሪያቲን በተፈጥሮ የሚገኘው ሥጋና ዓሣ ውስጥ ነውና ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው አነስተኛ ነው፤ ዱቄቱም ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚሠራለት ለእሱ ነው። ዱቄቱ በፋብሪካ በኬሚካል የሚሠራ እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም። በካፕሱል የመጣው ግን ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ጄላቲን ነው፤ ለጾመኛውም ሐላል ለሚጠይቀውም ዱቄቱ ይሻላል።

በረመዳን ለሚጾመው ግዢው አይለወጥም፤ ሰዓቱ ይዞራል። ክሪያቲኑ በኢፍጣር ሻይ፣ ንፍሮው ከተራዊሕ በኋላ፣ እንቁላሉና ወተቱ በሱሑር። ልምምዱ ከኢፍጣር በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ በሁለት ሴት። ሌሊቱ ስለሚቆረጥ እንቅልፉ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሰዓት ተኩል ይሞላል። በዚህ ወር ክብደት ለመጨመር መታገል አይገባም፤ የያዙትን ይዞ መውጣት በቂ ነው።

ስምንተኛ ሳምንት

ክሪያቲን ከመጀመሩ በፊት አማካዩ 60.8 ነበር። በሁለት ሳምንት ተኩል 61.9 ሆነ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ጡንቻ ውስጥ የገባ ውኃ ነው። «ወፈርኩ» ብሎ እንጀራ የሚቀንስም፣ «ጡንቻ በአንዴ መጣ» ብሎ ባቄላውን የሚተውም ይኖራል፤ ሁለቱም ያበላሹታል። የሚታየው ከዚህ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው፦ ዝላዩ ቆሞ እንደገና በሳምንት ሩብ ኪሎ ያህል ከሄደ ምግቡ በቂ ነው።

ስኳቱ 40 ኪሎ በ8፣ 8፣ 8። የፕሮቲን ዒላማው ወደ 99 ግራም ከፍ አለ፤ ለሦስት ግራም ብሎ አዲስ ግዢ አያስፈልግም፣ የባቄላው ድርሻ ከ80 ወደ 90 ግራም ይሆናል። በሳምንት 9 ብር።